ጀርባውን ለሜዳው የሰጠ ዘበኛ

የስታዲየሙ ዘበኛ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ እኛን ነው የሚያየው። ጎል ገብቶ ሁላችን ብድግ ስንል እንኳ ዞር አይልም።

አንድ ቀን ውጭ የመኪና ጎማ ፈነዳ። አንዷ ሮጠች፤ እሷን አይቶ ሌላው ሮጠ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። ከምን እንደሸሸሁ እንጃ። ሁላችንም በገባንበት በር ላይ ተጨናነቅን። እሱ ወደ ኋላችን ሄዶ ወንበር ላይ ወጣና በድምፅ ማጉያው፣ ሰው እንደሚያጫውት ረጋ ብሎ፣ «ጎማ ነው እኮ። ፊት ያሉት መተንፈሻ አጥተዋል፤ አትግፏቸው። የጎኑ በር ክፍት ነው» አለ። ጥቂቶች ዞሩ፤ ሌላውም እነሱን አይቶ ተከተለ።

ሲበርድልን፣ «ወንድሜ፣ በሩ ላይ የታፈነውን ትተህ ምነው ወደ ኋላ ሄድክ?» አልኩት።

«እነሱማ ምን ያድርጉ፣ እናቴ? የሚገፋው የኋላው ነው፤ የኋላው ደግሞ የፊቱን አያይም።»

የጎኑን በር የከፈተበትን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

«ድሮ፣ በር ላይ እንዲህ ግፊያ ሲሆን፣ ልጄ ከፊት ነበረች» አለኝ።