ፈረሱ እግሩን የሰጠበት ሦስት ሳምንት

ቡታጅራ ውስጥ በእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ሆኜ ስንት ፈረስ በገመድ እንደጣልኩ ቆጥሬ አላውቅም። አራት ጎረምሳ፣ አንድ ጠንካራ ገመድ፣ ከንፈሩን ጠምዝዞ የሚይዝ አንድ ሰው፤ ሙያዬ ይኸው ነበር፣ እኮራበትም ነበር። ስለዚህ አዲሷ ሐኪም፣ በልጄ ዕድሜ ያለች ልጅ፣ ከኪሷ አውራ ጣት የምታክል ፕላስቲክ አውጥታ «በዚህች እናስተምረዋለን» ስትል ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሲጫኗት «ጠቅ» ትላለች፣ በቃ።

የሚማረው አንድ ቡላ የጋሪ ፈረስ ነበር። የኋላ ኮቴዎቹ ከመጠን በላይ አድገው መሰንጠቅ ጀምረዋል። ካልተቆረጡለት ያነክሳል፤ የሚያነክስ የጋሪ ፈረስ ደግሞ በከተማችን ዕጣው የታወቀ ነው፣ አስፋልት ዳር ይለቀቃል። ነገር ግን ከኋላው የተጠጋውን ሁሉ ይራገጣል። ማረጋጊያው መድኃኒት ከመጋዘናችን ካለቀ ቆይቷል። እውነቱን ልናገር፣ ባለፈው ዓመት በገመድ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ መራገጥ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለቤቱ ስምንት ዓመት አብሮት የሠራ ባለጋሪ ነው። «ወላሂ፣ ለቅቄው መንገድ ላይ ባገኘው በየት በኩል ልለፍ?» አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከፈረሱ ምንም አልተፈለገም። ባለጋሪው ጠቅ ያደርጋል፣ ወዲያው አንዲት ቁራጭ ካሮት ይሰጠዋል። ጠቅ፣ ካሮት። ጠቅ፣ ካሮት። «እጅዎ ወደ ካሮቱ የሚሄደው ከድምፁ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከሄደ የሚያየው እጅዎን ነው፣ ድምፁን አይሰማም» አለችው ሐኪሟ።

«ለዚህ ለዚህማ ፕላስቲክ ምን ያደርጋል፣ ምላስ አለኝ አይደል?» አልኩና በምላሴ ጠቅ አደረግሁ። ፈረሱ ባለጋሪውን እየጎተተ ወደ በሩ መንገድ ጀመረ! ለካ በዚያ ድምፅ ነው ስምንት ዓመት ሙሉ «ሂድ» ሲባል የኖረው። ሐኪሟ ሳትስቅብኝ «ለዚህ ነው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ያስፈለገን» አለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ነው።

በማግስቱ ፈረሱ ሌላ ቦታ እያየ ሳለ ጠቅ ሲል አንገቱን አዙሮ ካሮቱን ፈለገ። «ገብቶታል፤ አሁን ድምፁ ትርጉም አለው» አለች።

ከዚያ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ረጅም በትር አመጣች። የጋሪ ፈረስ በትር ያውቃል፤ ገና ሲያየው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። መሬት ላይ አኖረችው። ረጋ ብሎ ሲያየው ጠቅ። በትሩ ጎኑን ነክቶት ጸጥ ሲል ጠቅ። ከዚያ ታፋው፣ ከዚያ ቋንጃው። አንድ ቀን ክብደቱን ወደ ሌላው እግሩ ሲያዛውር ገና ሳናስተውል ባለጋሪው ጠቅ አደረገ። እኔ ብሞክር ሁሌም እዘገያለሁ፤ እግሩ ተመልሶ መሬት ከነካ በኋላ ነው የምጫነው። የእሱ ጣት ግን ከፈረሱ ሐሳብ ጋር እኩል ይደርሳል። ቀናሁበት፤ ከቅናቱ ይልቅ ግን አደነቅሁት።

ኮቴው ከመሬት ጣት ያህል መነሳት በጀመረ ማግስት ሐኪሟ አንድ ቀበሌ ሄዳ ነበርና፣ ሥራ ላፋጥን ብዬ በትሩን ይዤ «አምስት እስክንቆጥር ያንሳ» አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፈረሱ በትሩን በርግጫ ሰበረው። ስትመለስ ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ሌላ በትር ፈልጋ «ወደ ታፋው እንመለስ፤ የሚያውቀው ላይ እንጀምር» ብቻ አለች። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ መልካም ሲሠራ ማቆም። ግራው ሲለመድ ቀኝ፣ በትሩ ሲለመድ እጅ።

በሦስተኛው ሳምንት መቁረጫውና ሞረዱ ወጡ። እኔ ለማንም ሳልናገር አራቱን ጎረምሶች ከነገመዳቸው ከአጥሩ ውጭ አቁሜ ነበር። ሐኪሟ በቀስታ ግራ ቋንጃውን ነካች። ፈረሱ እግሩን አነሳ፣ መዳፏም ላይ አሳረፈው። ባለጋሪው ከፊት ሆኖ በየመሐሉ ጠቅ እያደረገ በካሮት ይከፍለዋል፤ እሷ ትቆርጣለች።

«ስምንት ዓመት ሲሳሳት ስነግረው ኖርኩ» አለ ባለጋሪው ቀና ሳይል። «ልክ ነህ ብዬው ግን አላውቅም።» እኔም ወደ ውጭ ወጥቼ ልጆቹን ወደየቤታቸው ሸኘኋቸው፤ አፍሬ ነበር።

ስመለስ ሐኪሟ የግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ እየዞረች ነበር። ገና ሳትነካው፣ ፈረሱ ቀኝ እግሩን አንስቶ ጠበቃት።