የአስር ሰዓቱ ቡና

እንጅባራ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ባለቤታቸው በቅርቡ የሞቱባቸው አንዲት እናት የእንቅልፍ ክኒን ፈልገው መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ፣ ጋደም እላለሁ እንጂ አልተኛም» አሉኝ። «ሐዘን ነው ይሉኛል።»

እኔም መጀመሪያ የገመትኩት ያንኑ ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚጠጡ ጠየቅኋቸው።

«ቡና ነዋ! ድሮ ጠዋት ብቻ ነበር የምጠጣው። አሁን ጎረቤቶቼ ብቻዬን እንዳልውል እያሉ አስር ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። ሦስቱንም እጠጣለሁ፤ እነሱን ላስከፋ?»

ክኒኑን ማዘዙን ተውኩና ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጠጋ አልኳቸው። ነቅተን በዋልን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር እየተጠራቀመ እንደሚሄድ፣ ተቀባይ በሚባሉት ቦታዎቹ ላይ ሲያርፍም ድካምና እንቅልፍ እንደሚያመጣ ነገርኳቸው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲንን ይመስላል፤ ቀድሞ ቦታውን ይይዛል፣ እንቅልፍ ግን አያመጣም።

«ታዲያ ድካሙ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም፤ አዴኖሲኑ እዚያው ነው፤ መቀመጫ አጥቶ ነው እንጂ። ካፌይን ደግሞ ቶሎ አይወጣም። በብዙ ሰው ላይ በአምስት ስድስት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ብቻ ነው የሚወጣው። አስር ሰዓት የጠጡት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ሲተኙ ግማሽ ያህሉ ገና ከእርስዎ ጋር ነው።»

የነጠላቸውን ጫፍ እያሻሹ ወደ በሩ አዩ። የፈራሁት አላመኑኝም ብዬ ነበር፤ እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው።

«ቡናውን ከተውኩ ሰዎቹ ይቀሩብኛል። ለቤቴ ጸጥታስ መድኃኒት አለህ?»

ይህን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። እንደምንም «ለእነሱ ያፍሉላቸው፤ እርስዎ የአጃ አጥሚት ይጠጡ። ጠዋት የለመዱትን ቡና አይተዉት» አልኳቸው። ሻይም ያው ካፌይን እንዳለው ጨመርኩላቸው። ካልተሻላቸው እንዲመለሱም ነገርኳቸው።

ተመልሰው የመጡት ግን ለደም ግፊት ክትትላቸው ነው። ጎረቤቶቻቸው በመጀመሪያው ቀን «ቡናችንን ናቀች» ብለው አኩርፈው ነበር አሉ። እሳቸውም የነገርኳቸውን በአዊኛ አስረዷቸው። አንዷ እንቅልፍ አጥታ የከረመች ኖራ፣ «ለእኔም አጥሚት ቅጂልኝ» አለች።

«እንቅልፉስ?» አልኳቸው።

«መጣ። እንደተጋደምኩ ይወስደኛል።» ትንሽ አሰብ አደረጉና «ንጋት ላይ ግን አንዳንድ ቀን እነቃለሁ፤ እጄም አልጋውን ይዳስሳል። ይሄ የቡናው አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም፣ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ለግፊት መለኪያው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።