ያላልኩትን የተናገረው ፊቴ

የምሠራው በሳዑዲ ዓረቢያዋ ደማም፣ በመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ከተማ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስገባ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ዓረብኛውንም እንግሊዝኛውንም ስለምሞካክር ከጊዜ በኋላ ወደ ደኅንነት ክፍል አዛወሩኝ። አዲስ የሀገሬ ልጆች ሲመጡ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰብስቤ አደጋውን የማስረዳው እኔ ነኝ። ከሁሉም በላይ የምፈራው የተበላሸ ቧንቧ መልሶ የሚፈጨውን ማሽን ነው። እኛ ወፍጮ እንለዋለን። አፉ ሲደፈን የሰው እጅ ገብቶ ይጠርገዋል። ከዚያ በፊት ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፤ ማጥፊያው ላይ ጓጉንቸር ይገባል፤ ቁልፉም የሚጠርገው ሰው ኪስ ውስጥ ይቆያል። እስኪወጣ ድረስ ለማንም አይሰጥም። ይህችን ነገር ስንቴ እንደተናገርኳት አላውቅም።

አንድ ቀን የሥልጠና ኃላፊያችን፣ ህንዳዊው መሐንዲስ፣ ቢሮው ጠራኝና ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ከረባት ያሰረ ቆንጆ ሰውዬ ስክሪኑ ላይ ቆሞ በእንግሊዝኛ ስለ ወፍጮው ያወራል።

«ይህ ሰው የለም» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ጽሑፍ ትጽፍለታለህ፣ እሱ ይናገራል። በአምስት ቋንቋ እናሠራዋለን። አማርኛውን አንተ ተርጉም።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በየሳምንቱ ከመጮህ ልገላገል ነው። ሁለት ቀን ተቀምጬ ተረጎምኩና ጽሑፉን ለጥፈን የአማርኛ ድምፅ መረጥን። ቪዲዮው እስኪወጣ ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ሰውዬው አፉን ሲከፍት ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ሳቄን ትቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እናውቀዋለን፤ ማሽኑ ግን ይገምታል። «ዋናውን ማጥፊያ ዝጉ» ብዬ የጻፍኩትን አላልቶ ሲያነበው የውሃ ዋና አደረገው። «ወፍጮው ገና እየዞረ ከሆነ» የሚለውን ደግሞ አጥብቆ የገና በዓል አመጣብኝ። የባሰው ይሄ ነው፦ «እጁን ያስገባ ሠራተኛ በምላጩ ይመታል» ብዬ ነበር። «ይመታል»ን አላልቶ አነበበውና እጁን ያስገባው ሠራተኛ ራሱ ምላጭ ይዞ ሰው የሚመታ ሆነ። ይህን ሁሉ ሲል ሰውዬው ፈገግታው አይለቀውም። ስለሚቆረጥ እጅ እያወራ የሠርግ ጥሪ የሚያደርስ ይመስላል።

ለመሐንዲሱ ነገርኩት። አማርኛ አይሰማምና የነገርኩት ሁሉ አልታየውም። «አፉ ከድምፁ ጋር ይገጥማል እኮ!» አለኝ።

«አፉ ይገጥማል፣ ሰር። ቃሉ ነው የማይገጥመው።»

አራት ቀን ቃል ስለውጥ ሰነበትኩ። «ዋና» ቀርቶ «ትልቁ ማጥፊያ» ሆነ። «ገና» ቀርቶ «እስካሁን» ሆነ። «ይመታል»ን አውጥቼ «ጉዳት ይደርስበታል» አልኩ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ለአንዲት ቃል ሲባል ሙሉው ቪዲዮ እንደ አዲስ ይሠራል። ቁጭ ብሎ ያችን ስክሪኑ ላይ እየሞላች የምትሄድ መስመር ማየት አንገቴን ያሳክከኝ ነበር።

በመጨረሻ የሚሰማ ነገር ወጣ። ወፍጮው ላይ የሚሠሩትን የወሎ ወረባቦ ሰው ጠርቼ አሳየኋቸው። ዕድሜያቸው ከኛ ሁሉ ይበልጣል፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ክንዳቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ምን ይላሉ፣ ጋሼ?»

«ማነው ሰውዬው?»

«ሰው አይደለም። ኮምፒውተር ነው።»

«እሱስ ያስታውቃል። ጓጉንቸሩን በየት በኩል እንደሚያስገቡት በእጁ አላሳየም። እጁን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ያወራል። አንተ ስትነግረን ግን ራስህ ገብተህ እየቆለፍክ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ሰውዬው እጁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ምንም ነገር መያዝ አይችልም። ጓጉንቸር እንኳ በእጁ ይዞ አያውቅም።

ይህን ለመሐንዲሱ ሳወራው ያላሰብኩት መልስ ሰጠኝ። «እንግዲያው አንተ ሁንላቸው። ፊትህን እንቅረጽ። አንተን ያምናሉ።» ጓጉንቸሩ ሲቆለፍ ደግሞ ለብቻው በስልክ ቀርጸን መሐል እናስገባለን አለ።

ነጭ ግድግዳ ፊት አስቀምጦኝ ጥቂት ደቂቃ አወራሁ። አንገቴን ብዙ እንዳላዞር፣ እጄን ፊቴ ላይ እንዳላደርግ ነገረኝ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣውን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዳነብ አደረገኝ፤ ፊቴንና ድምፄን ለመጠቀም ፈቅጃለሁ የሚል ነው። አነበብኩት። ማን በምን ጊዜ ምን ሊያስወራኝ እንደሚችል አልጠየቅሁም። ለአማርኛው ድምፄን ራሴ ቀዳሁና ስክሪኑ ላይ ያለው እኔ አፉን በዚያ ድምፅ ልክ አንቀሳቀሰ። ማጥበቅ ማላላቱ ሁሉ ቦታው ገባ። ለኡርዱና ለቤንጋሊው ግን እኔ የማላውቀውን ቋንቋ ድምፄን በሚመስል ድምፅ ፕሮግራሙ ራሱ ተናገረው።

አርብ ዕለት አጠገባችን ወዳለችው ኾበር ከተማ ወረድኩ። ሚስቴ እዚያ አል ዑለያ ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማዳም በሁለት ሳምንት አንዴ ትለቃታለች። ባሕር ዳር ተቀምጠን ስልኬን ሰጠኋት። አየች፤ መልሳ ከመጀመሪያው አየች።

«አንተ ስትዋሽ ነው እንዲህ የምትረጋጋው» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው? ድምፁ የኔ ነው እኮ።»

«ድምፁማ የአንተ ነው። አንተ ግን ከባድ ነገር ስትናገር አፍንጫህን ታሻለህ፣ መሬት ታያለህ። ይሄ ዝም ብሎ ያየኛል። ደስ አይልም። እንዲያጠፉት ንገራቸው።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብዬ ሳቅኩባት። ወደ ደማም ስመለስ ግን አውቶቡሱ ውስጥ አፍንጫዬን ሳሻሽ ራሴን አገኘሁት።

ቪዲዮው ሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ጋሼ የወፍጮው ክፍል በር ላይ መሬት ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው ባዶ ነው፤ በግራቸው ላይ ብቻ ጓንት አለ።

«ምን ሆኑ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም።» ቀኝ እጃቸውን ገልበጥበጥ አድርገው አሳዩኝ። «ወፍጮው ተደፈነና ልጠርግ ገባሁ። ጓንቱ ጠርዙ ላይ ያዘኝና እጄን መዝዤ አወጣሁ። ጓንቱ እዚያው ቀረ። ዱላ ላመጣ ዞር ስል ተነሣ፤ ጓንቱን ፈጨው።»

«ቁልፉስ? ኪስዎ ውስጥ አልነበረም?»

«ለፈረቃ ኃላፊው ሰጥቼው ነበር። ያለቀ መስሎት አበራው።»

«ጋሼ! ስጡት ያለዎት ማነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ የተጋቡ ናቸው እንጂ። «አንተ ነህ። ትናንት ሰብስበው አዲሱን አሳዩን። እዚያ ላይ ‹ቁልፉን ስጡ› አልክ።»

«ወላሂ አላልኩም።»

«ልጄ፣ አይቼሃለሁ እኮ።»

ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሮጥኩና ቪዲዮውን ከፈትኩ። እስከ መሐሉ ድረስ የቀዳሁት ድምፅ ነው። ከዚያ በትንሹ ይቀየራል፤ ያው ድምፅ ነው፣ ግን ትንፋሽ የለውም። ፊቴ ፊት ለፊት እያየኝ፣ ሳያፍር፣ አፍንጫውን ሳያሽ፣ እንዲህ አለ፦ «ከማሽኑ እስክትወጡ ድረስ ቁልፉን ለፈረቃ ኃላፊው ስጡ።»

ያንን ዐረፍተ ነገር በሕይወቴ ተናግሬው አላውቅም። እኚያ ሰው እጃቸውን ወፍጮ ውስጥ የከተቱት እኔን አምነው ነው፤ እኔ ደግሞ ፊቴ ያን ሲናገር የፓስፖርት ፎቶ ይዤ ወረፋ ላይ ነበርኩ።

መሐንዲሱ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። የሆነውን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። የፈረቃ ኃላፊዎቹ ቁልፍ ፍለጋ ጊዜ ይባክናል፣ እኛ ጋ ይቀመጥ ብለው አማርረው ነበር፤ እሱም እንደማይቻል ግልጽ እንዲሆን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ። የእንግሊዝኛውን አሳየኝ። «ከማሽኑ እስክትወጡ ድረስ ቁልፉን ለፈረቃ ኃላፊው አትስጡ» ነው የሚለው። ደህና አድርጎ ጽፎታል። ፕሮግራሙ ወደ አማርኛ ሲመልሰው «አት»ን ዋጠው።

«ለምን አልደወሉልኝም?»

«አንተ አልነበርክም። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው ብዬ... አየሁት እኮ፣ በጣም ጥሩ ነበር። አንተን ነበር የሚመስለው።»

«ሰር፣ እኔን መምሰሉ ነው ሰውየውን ሊገድል የነበረው። ያ ከረባት ያሰረው ቢናገረው ጋሼ መጥተው ይጠይቁኝ ነበር።»

ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረ። ቀጥሎ እኔ ፊት ቪዲዮውን አጠፋው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ሙዲሩ ዘንድ አብረን ገባን፤ ጥፋቱን በራሱ አፍ ተናገረ፣ ለዚያ አከብረዋለሁ። ሙዲሩ ወረቀት አስወጣ፦ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሰምቶ ሳይፈርም ምንም ቪዲዮ አይታይም፤ የወፍጮው ትምህርት ደግሞ ማሽኑ ጋ ቆሞ በሰው ይሰጣል። ፊቴ እንዲሰረዝ ስጠይቅ ግን አንገራገረ። «የኡርዱውና የቤንጋሊው ሥራ ላይ ነው። ፈቃድ ሰጥተሃል። አዲስ እስኪሠራ ይቆይ። ኸላስ፣ አለቀ።»

አሁን በየሳምንቱ ወፍጮው ፊት ቆሜ እጮሃለሁ። ጋሼን አጠገቤ አቆማቸዋለሁ። ጓጉንቸሩን አስገብተው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ «ይህ ለአባቴም አይሰጥም» ይላሉ። ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ ግን ይይዙታል። ስለዚያች ጠዋት አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እኔ ግን እጃቸውን ሳላይ አላልፍም።

ባለፈው ሳምንት በመመገቢያ አዳራሹ ሳልፍ ድምፄን ሰማሁ። አዲስ የገቡ ባንግላዴሻውያን ተደርድረው ያዩኛል። በማላውቀው ቋንቋ፣ አንዴም ሳልደናቀፍ፣ አወራለሁ። ጫፍ ላይ የተቀመጠውን አንዱን ጎንበስ ብዬ በዓረብኛ «ምን እያልኩ ነው?» አልኩት።

ልጁ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየና ሳቀ። የምቀልድበት መሰለው። እኔም እስኪያልቅ አልሄድኩም፤ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ቃል በቃል እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።