መንገድ ላይ የቀሩት የስፌት መኪናዎች

ጓደኛዬ ከኩዌት ጠቅልላ አገር ቤት ስትገባ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ በቀር ምንም አልነበረም። ዋናው ንብረቷ፣ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ፣ በመርከብ ቀድሟት ሄዷል። ስፌቱን የተማረችው ኩዌት፣ አሕመዲ ከተማ በምትሠራበት ቤት፣ ማዳሟ የጣለችውን መጋረጃ እየፈታች መልሳ እየሰፋች ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ክፍል ሱቅ ተከራይታ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋርም ዩኒፎርም ልትሰፋ ተነጋግራ ነበር።

መኪናዎቹን እዚያው ኩዌት፣ ፋሐሂል ወዳለው የካርጎ ቢሮ የወሰድናቸው ከመሄዷ በፊት አብረን ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ህንዳዊ ጎልማሳ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፣ አታስቡ አለን። አመንነው። ደረሰኙ ላይ የመድረሻው ቀን «ግምታዊ» ይል እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው።

ዕቃው ወደ ሌላ መርከብ የሚዛወርበት ወደብ ላይ ወርዶ እዚያው ቀረ። መጀመሪያ የሚቀጥለው መርከብ ሞልቷል ተባለ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ወደቡን ሳይነካ አለፈ። ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «የሚቀጥለው መርከብ» ነበር። እሷ ባዶ ክፍል ቁጭ ብላ ኪራይ ትከፍላለች። ትምህርት ቤቱም ጠብቆ ጠብቆ ሥራውን ለሌላ ሰጠው። የዚያን ቀን ደውላ፣ «እህቴ፣ አንቺ እዚያ ነሽ፤ አንድ ነገር ጻፊልኝ» አለችኝ።

እኔ እዚሁ ኩዌት፣ ሪቃይ የሚባል ሰፈር ነው የምሠራው። ለካርጎ ቢሮው የምልከውን ኢሜይል በስልኬ ጽፌ ለአሠሪዬ ለማዳም አሳየኋት። ቢሮ የምትሠራ ሰው ናት፤ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አስተካከለችው። «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ» የሚለውን አሰረዘችኝ። የደረሰኙን ቁጥር፣ መቼ እንደተጫነ፣ ምን ቃል እንደተገባልን፣ ምን እንደከሰረች፣ ምን እንደምንጠይቅና እስከ መቼ መልስ እንደምንፈልግ በቅደም ተከተል አስጻፈችኝ። የጠየቅነው የማጓጓዣውን ክፍያና የባዶውን ክፍል ኪራይ ነበር። ከኢሜይሉ ጋር የጭነቱን ሰነድ፣ የኪራይ ውሉንና ጓደኛዬ ፈርማ የላከችልኝን ውክልና አያያዝን። መጨረሻ ላይ ማዳም ደረሰኙን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«ላኪው» አለችኝ። «ግን ብዙ አትጠብቂ።»

መልሱ ትሕትና የተሞላበት ነበር። አዝነናል ይላል። የመርከቡን ጉዞ የሚወስነው የመርከብ ድርጅቱ እንጂ እኛ አይደለንም፤ የመድረሻ ቀን በጽሑፍ ካላረጋገጥን በቀር በመዘግየት ለመጣ ኪሳራ አንጠየቅም፤ ይህም ከደረሰኙ ጀርባ ተጽፏል ይላል። በጽሑፍ የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ። የተባልነው በአፍ ነው።

ዓርብ፣ የዕረፍት ቀኔ፣ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ፋሐሂል ወረድኩ። ሰውየው አወቀኝ፤ ወንበር ስቦ ሰጠኝ። ልጣላው አስቤ ነበር የሄድኩት፣ ፊቱን ሳይ ግን ጠቡን ተውኩት። ቀስ ብዬ፣ ያልከንን ነገር ጻፍልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት። ወደ ውስጠኛው ክፍል በር አየት አደረገ።

«ብያለሁ፣ እህቴ። ለአንቺ ብያለሁ እላለሁ። ወረቀት ላይ ግን አልልም። ኢቃማዬ በእነሱ ስም ነው።»

የእኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሰው ስም ነው። የሰጠኝን ውኃ ጠጥቼ ተነሣሁ።

ከዚያም ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው። በመጨረሻ የመጣው መልስ፣ ለበጎ ፈቃድ ያህል ከማጓጓዣው ክፍያ ጥቂቱን እንመልሳለን፣ ግን ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም ብላችሁ ፈርሙ የሚል ነበር። ማዳም ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል፣ ጠበቃ ግን ከመኪናዎቹ ዋጋ በላይ ይበላል አለችኝ። ለጓደኛዬ ደወልኩ። ከኋላዋ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«ፈርሚ» አለችኝ። «ክፍሏን ለቅቄአለሁ።»

ፈረምኩ። የተመለሰውን ላክሁላት፤ ለምን እንዳዋለችው አልጠየቅኋትም።

መኪናዎቹ ሞጆ የደረሱት ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ከለመዱት በኋላ ነው። እሷ ቀረጡንና የመጋዘኑን ኪራይ የምትከፍልበት አልነበራትም። የእህቷ ባል ተበድሮ አወጣቸውና ብድሩን ለመክፈል ሸጣቸው። አንዱ ከፋብሪካ የተቀባው ዘይት እንኳ ሳይደርቅ፣ ከነማሸጊያው ነው የተሸጠው።

ባለፈው ወር ወደ ኩዌት ተመልሳ መጣች። ቤቱ ሌላ ነው፤ ከተማው ግን ያው አሕመዲ ነው። ዓርብ ዕለት ከጸሎት ስንወጣ ተገናኘን። ፊቷ ከስቷል። ስለ ኢሜይሉ ልነግራት፣ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ይሻል ነበር ልላት አፌን ስከፍት፣ እጄን ያዘችኝና አዲሷ ማዳሟ ስልክ የምትፈቅደው ማታ ማታ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። አውቶቡሷ መጣ። ሮጣ ተሳፈረች።