በአንድ ጭረት የመጣ ጣጣ

ልብስ ሰፊው መኪና የተከራየው አማቱን ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ለማምጣት ነበር። ሴትየዋ ገና ከቀዶ ሕክምና ስለወጡ በአውቶቡስ መንገላታት አይችሉም። እሱ መንዳት ስለማይችል የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሊነዳ መጣ፤ ሚስቱም አብራቸው ሄደች። መኪና አከራዩ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ልብስ ሰፊው ለነገሩ እንግዳ ላለመምሰል የመረከቢያ ቅጹን ሳያነብ ፈረመ፤ ማስያዣውንም ከፈለ።

አማቱን ካደረሱ በኋላ ወንድምየው መኪናውን ሲመልስ ቢሮው ተዘግቶ ነበር። ግቢ አስገብቶ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ማስያዣውን ሊቀበል ሄደ።

«የኋላው በር ተጭሯል፤ ነዳጁም ጎድሏል። ማስያዣው ለዚያ ተቆርጧል» አለችው ጸሐፊዋ።

«ጭረቱ የኛ ነው እንዴ?»

«ሲረከቡ ጭረት የለውም ብለው ፈርመዋል።»

እቤት ሲገባ ወንድምየው እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ አልጋው ጥግ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ደሙ ፈልቷል።

«መኪናውን ጭረህ፣ ነዳጁን ስትዞርበት ጨርሰህ፣ ደግሞ አይንህን በጨው ታጥበህ መጣህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሞልቼ ነው ያስገባሁት። ጭረቱንም አላውቅም።»

«ውሸታም!»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወንድምየው ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠም።

ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ ስልኳን አምጥታ አፍንጫው ስር ደቀነችው። መኪናውን በተረከቡበት ጠዋት፣ ገና ከግቢው ሳይወጡ ያነሳችው ፎቶ ነው። ልብስ ሰፊው ቁልፉን ከፍ አድርጎ፣ ክንዱን በኋላው በር ላይ አስደግፎ ጥርሱን ገልጧል። ከክርኑ ስር ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አየኸው?» አለችው።

ፎቶውን ወስዶ ለአከራዩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አሳየ። ሰውየው ግቢውንም ቀኑንም አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጭረቱን እንመልሳለን። የነዳጁን ግን ደረሰኝ ካመጡ ነው» አለ።

ደረሰኙ ያለው ወንድምየው ጋ ነው። ልብስ ሰፊው ወንድምየው ቤት ሄዶ በሩ ላይ ቆሞ ለማንኳኳት እጁን ሁለቴ አንስቶ መለሰው። በመጨረሻ ወንድምየው ራሱ ሊወጣ ሲል ከፈተው።

«የነዳጁ ደረሰኝ...» አለ ልብስ ሰፊው።

ወንድምየው ከቦርሳው አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። «ያን ዕለት ልሰጥዎት ይዤው ነበር።»

ደረሰኙ እንደሚለው ነዳጁ የተቀዳው ከአከራዩ ድርጅት አፍንጫ ስር ካለው ማደያ ነበር፤ የከፈለውም ከራሱ ኪስ።

«በእናትህ ፊት ነው ያዋረድኩህ» አለ ልብስ ሰፊው መሬት መሬት እያየ። «ናና እዚያው ይቅርታ ልጠይቅህ።»

«ይሁን ጋሼ፣ ሲመቸኝ እመጣለሁ።»

ይግቡ አላለውም። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ የነዳጁንም ለወንድምየው ላከለት። ማታ ማታ አማቱ ትራስ እንዲያስተካክልላቸው ሲጠሩት ግን ልብስ ሰፊው እስካሁን ቀና ብሎ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።