በነጻ ስፒን ሊተከል የነበረው ጥርስ

በሥራ ቦታዋ «ምላሷ ቅቤ» ይሏታል። የኦንላይን ቁማር ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ተናድዶ ለሚጽፍ ሰው አለሳልሳ መመለስ ነው ሥራዋ። ማስታወቂያም ትጽፋለች። «ሃምሳ ነጻ ስፒን! አምስት ሳንቲም ሳይከፍሉ!» የሚለው የእሷ ነው፤ ስፒን የቁማሩን መንኮራኩር አንዴ ማሽከርከር ነው። ግዴታዎቹ ሁሉ «ዝርዝር» ከምትል ድንክዬ ቃል ሥር እንዲደበቁ ያደረገችውም እሷው ናት፤ አለቃዋ በሰው ፊት አስጨብጭቦላታል። ቤተሰቧ ግን ባንክ ውስጥ ስልክ የምትመልስ ነው የሚመስለው፤ እንዲያ ብላ ዋሽታለቻ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ባለመቀሱ» የሚል ደንበኛ ስክሪኗ ላይ ብቅ አለ፤ እሱ ዘንድ የሚታየው የአንዲት ሴት ሥዕል ብቻ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። በስፒኑ ያገኘሁት ገንዘብ ጠፋብኝ። እባክዎ ይፈልጉልኝ። ለባለቤቴ የፊት ጥርስ ማስተከያ ያሰብኩት ነው፤ ነግሬያታለሁም።»

ስሙን ደግማ አነበበችው። ባለመቀሱ እያለ ሰፈሩ የሚጠራው ልብስ ሰፊ አባቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ «አንቺ» ያላት ሰው ዛሬ «እርስዎ» ይላታል!

ሂሳቡን ከፈተችው። ስፒኑ ዳጎስ ያለ ገንዘብ አምጥቶለታል። ግን ቦነስ፣ ማለትም የድርጅቱ ስጦታ ነው፤ ወጪ ለማድረግ በሰባት ቀን ውስጥ የገንዘቡን ሠላሳ እጥፍ መወራረድ ግድ ነው። አባቷ ደግሞ በሚሽከረከር ነገር አያምንም። ካርታ ጭንቅላት ይጠይቃል፣ ካርታ እችላለሁ ብሎ እሱኑ ተያያዘው። እዚያ ከተወራረደው መቶ ብር የሚቆጠርለት አሥሩ ብቻ መሆኑን ማን ይንገረው? እያሸነፈም ግዴታው ሳይሞላ ቀኑ አለፈ፤ ያለው ሁሉ ተሰረዘ። ቢሞላለትስ? ከነጻ ስፒን ማውጣት የሚፈቀደው ትልቁ ገንዘብ የአንድ ጥርስ ሩብ እንኳ አይሆንም።

ጣቶቿ የለመዱትን ጻፉ። «ውድ ደንበኛችን፣ ስለተፈጠረው ነገር በጣም እናዝናለን። ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ ተገልጿል።»

መልሱ መጣ። «ዝርዝሩን አላየሁትም እመቤቴ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ይቅርታ ጠያቂ ሆነ፤ እሷም ተቀበለችው።

እራት ላይ አባትየው ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ ሁሉን ለሚስቱ ነገራት። እናት እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«ተወው እባክህ፤ ደግሞ በስተርጅና ለማን ላምር?»

«እሱስ እሺ» አለ አባት። «ያነጋገረችኝ ልጅ ግን ጨዋ ናት። አላመናጨቀችኝም። አሳዳጊ ያልበደላት።» ወደ ልጁ ዞሮም ፈገግ አለ። «ልክ እንዳንቺ።»

ልጅቱ ውሃ ላምጣ ብላ ብድግ አለች። ጆጉ ግን ውሃ እንደሞላ ጠረጴዛው ላይ ነበር።