ሽንኩርት እስኪቀላ ድረስ

ሽንኩርት በአስር ደቂቃ ይቀላል ከሚል ሰው ጋር አልከራከርም። ሽንኩርቱንና ድስቱን ሰጥቼ ሰዓት ያዝ ነው የምለው። እንጀራዬ እሱ ስለሆነ በዚህ ነገር ላይ ትዕግሥት የለኝም። መቀሌ፣ ሓድነት ውስጥ በሯ ወደ መንገድ የምትከፈት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቁሌት እሸጣለሁ። ሽንኩርቱን ልጬ፣ አድቅቄ ከትፌ፣ አቁላልቼ በፕላስቲክ ዕቃ እሰፍረዋለሁ። ሥራ የሚውሉ ሴቶች ሲመለሱ ይወስዱና ሽሮውን ወይም በርበሬውን ጨምረው እራታቸውን ያደርሳሉ። ሥጋ ስለማይነካው ክርስቲያኑም እስላሙም ይገዛኛል።

እኔ የወሎ እስላም ነኝ። ባሌ ጨርቅ ሊነግድ ይዞኝ መጣ፤ እሱ እዚሁ አፈር ለበሰ፣ እኔ ቀረሁ። ወንዱ ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ ሴቷ ጅዳ ናት። በደወሉ ቁጥር «ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። ሽንኩርት አቁላላለሁ እላቸዋለሁ። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ ግን እውነቴን ነው።

የዚህ ሥራ ክፋቱ ሰው ማሳጣቱ ነው። የተጣደ ሽንኩርት ጥለውት አይሄዱም። ጎረቤት ስትጠራኝ «ጥጃለሁ» እላለሁ፤ ልቅሶ ብደርስ እንኳ ቶሎ ተነሥቼ እሮጣለሁ። ይህ ሲደጋገም ሰዎቹ መጥራቱን ተዉት። አልቀየምኳቸውም፣ እምቢ የሚልን ሰው ማን ሲጠራ ይኖራል? ቀስ በቀስ ግን ቀኑን ሙሉ ከ«ስንት ነው?» እና ከ«ይኸው መልስሽ» በቀር ቃል ሳልሰማ የምውልበት ጊዜ በዛ።

ሰውዬው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከሓድነት መሀል ከተማ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ፣ ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱን ያስቀመጠ፣ ሚስቱ የሞተችበት የሰፈራችን ሰው ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ፤ እሱ በትግርኛው ሓፍተይ ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ቁሌት ሊገዛ ይመጣል። እስክሰፍርለት በሬ ላይ ካለችው አግዳሚ ይቀመጥና ስለ ድሮ ተሳፋሪዎቹ ያወራል፣ እኔም የደሴን ብርድ አወራለሁ። እያደር አሰፋፈሬ ዘገምተኛ ሆነ። ዕቃውን ሁለት ጊዜ አጥቤ ደግሜ የማደርቅበት ቀን ነበር። ቅዳሜን እጠብቅ ጀመር፤ ለራሴም አልደበቅኩትም።

አንድ ቅዳሜ ግን ዕቃውን ሳያቀብለኝ ቆመ።

«ሓፍተይ፣ ዛሬ አልገዛም። አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«ማቁላላቱን። ያንቺ ጥሩ ነው፤ ግን ያንቺ ነው። እኔ የሚስቴን ሽሮ መብላት አምሮኛል። ስታቁላላ እጇን አይቼ አላውቅም፣ ራሴ ብሞክረው ግን ምላሴ ያውቀዋል።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ ሽንኩርት አልነበረም። ይህ ሰው ሙያውን ካወቀ ቅዳሜ ምን ሊሠራ ይመጣል? ብዬ ነው ያሰብኩት። ያም ሆኖ እምቢ ለማለት ምክንያት አልነበረኝም።

ቀድሞ ስልኩን አወጣ። ልጁ የላከችለት ቪዲዮ ነው። አንዲት ቆንጆ ልጅ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ትጨምራለች፣ አንዴ ታማስላለች፣ ወዲያው ሽንኩርቱ ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ «አስር ደቂቃ ብቻ» ትላለች። ደግሜ አስከፈትኩት።

«አያ፣ ሽንኩርቱን ተወውና ከጀርባዋ በመስኮት የምትገባውን ፀሐይ እያት።»

ዓይኑን አጥብቦ አየ። ስትጀምር ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ነበረች። ሽንኩርቱ ሲቀላ ግድግዳውን ለቃ ወለሉ ላይ ወርዳለች።

«መሀሉን ቆርጣ ጣለችው» አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ «ግን እኮ ሚስቴም አስር ደቂቃ ነበር የምትለው። ለምሳ ስገባ ደረሰ ወይ ስላት አስር ደቂቃ ትለኛለች፤ በአስር ደቂቃውም ይቀርባል። አትዋሽም ነበር።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ራሱ ቆሞ ይየው ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሰፈርተኛ ማውራቱ ባይቀርም የሚያወራው ያየውን ይሁን ብዬ ነው። ከዚያ ምድጃውን ወደ በሩ ሳብኩና ወፍራሙን ድስት ጣድኩ።

ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ነበር። ያለ ዘይት ጨመርኩት፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ ማማሰያውን ሰጠሁት። እሳቱ መካከለኛ ነው። ወዲያው ውኃ አቀረረ፣ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ብዙ ካማሰለ በኋላ አየኝ።

«ነጭ ነው እኮ። ከሰል እንጨምር?»

«እንዳትነካው።»

ነገርኩት። ሽንኩርት ውኃ ነው፤ ያ ውኃ ድስቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቀላም። ውኃው መውጣት አለበት፣ ቀለሙ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ለመውጣቱ ብቻ አስር ደቂቃው ያልቃል፣ ድስቱ ከሞላማ እጥፉን ይወስዳል። እሳት ብትጨምርበት ጠርዙ ያርርና ልቡ ጥሬ ይቀራል። ያ ደግሞ ቀይ ይመስላል እንጂ ይመርራል።

«ዳገት ነው በይኛ» አለ። «በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ።»

እንፋሎቱ ሲያልቅ የድስቱ ድምፅ ተቀየረ፤ ፍልቅልቅ ማለቱን ትቶ ይንጫጫ ጀመር። ያኔ ዘይቱን ጨመርኩ፤ ፍሙንም አመድ አለበስኩትና እሳቱን አቀዘቀዝኩት። ከዚህ በኋላ ሥራው መቆም ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ ሆነ። ሥር ሥሩን መያዝ ሲጀምር ጠብታ ሙቅ ውኃ ጣል አደረግኩና የያዘውን ፍቆ እንዲያነሣው አሳየሁት፤ ጣዕሙ ያለው እሱ ላይ ነው። ደግሞ ያዘ፣ ደግሞ ፋቀ። እግሩን እያቀያየረ ቆመ። የሰፈሩ ሴቶች እያዩን አለፉ፣ ሰላምታ ሰጡን፣ ተመልሰው አለፉ። አንድ ሰዓት አልፎ ትንሽ ሲገፋ ድስቱን የሞላው ሽንኩርት ሥሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ጥቁር ቡናማ ሆኗል፣ ይጣበቃል፣ ስኳር ሳይነካው ይጣፍጣል። ከቀመሰ በኋላ ማማሰያውን አልመለሰልኝም።

«ሓፍተይ፣ እሷ አስር ደቂቃ ስትለኝ...»

«ሽንኩርቱን ጨርሳው ነበር፣ አያ። አንተ ከመግባትህ በፊት። ሽሮውን መጨመር ነበር የቀራት።»

«በየቀኑ?»

ሁለት ቀን የሚበቃ በአንዴ ታቁላላ ነበር ብዬ ብነግረው ይቀለው ይሆናል። አላልኩትም፣ አላውቅማ። አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠና ማማሰያውን ጭኑ ላይ አጋደመው።

«ሬዲዮ ነበራት» አለኝ። «ከሰው ጋር የምታወራ እየመሰለኝ እገባ ነበር፤ ሬዲዮው ነው።»

የእኔም ሬዲዮ ከድስቱ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነበር። ቁሌቱን ሰፍሬ ሰጠሁት፣ ሄደ።

እንደፈራሁት መምጣቱን አልተወም። በተከተለው ቅዳሜ ባዶ እጁን አልመጣም፤ በትንሽ ሰሐን የራሱን ይዞ መጣ። አርሯል። የእሱ ምድጃ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ መቀነሻ የለውም፤ ወይ ይነዳል ወይ ይጠፋል። ከሶኬቱ እየነቀለ እየሰካ እንዲያበርደው፣ ድስቱም ወፍራም እንዲሆን ነገርኩት። በቀጣዩ ቅዳሜ ሰው «ስኳር ጨምርበት» ብሎት መጣ። ቀለሙ ደስ ይላል፤ ሲቀመስ ግን ስኳሩ ለብቻው፣ ጥሬው ሽንኩርት ለብቻው ነው። ሳቅኩበት፣ እሱም ሳቀ። ደግሞ በሌላው ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ አመጣው፤ ቶሎ ጠቁሮ እንደ ገንፎ ላሽቋል፣ አፍ ውስጥም ሳሙና ሳሙና ይላል።

«ይህን ለማን ልታበላ ነው?» አልኩት።

«ለጠላቴ» አለኝ።

እነዚያ ቅዳሜዎች ደጎች ነበሩ። ሽንኩርቱ በከፋ ቁጥር ወሬያችን ይረዝማል። መጋረጃዬን አጠብኩ፣ ለአግዳሚዋም ትራስ ሰፋሁላት። ልጄ ከጅዳ ደውላ «ድምፅሽ ጥሩ ነው ዛሬ» አለችኝ፤ አየሩ ነው አልኳት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሰሐኑን እንደወትሮው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሳይሆን በሁለት እጁ አቀፍ አድርጎት መጣ። አልተቀመጠም። «ቅመሺው» አለኝ፣ ቆሞ።

ክዳኑን ሳነሣ ሽታው ብቻ በቃኝ። እኩል ቀልቷል፣ አንድም ያረረ ጠርዝ የለበትም። ዘይቱ ዳር ዳሩን ለቆ ወጥቷል። በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው፣ ለስልሷል፣ ግን አልላሸቀም። እኔ ከማደርገው ትንሽ ጠቆር ያለ ነው፤ የሚስቱ እጅ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ሰዓቱን ሰጥቶት ነበር፣ ከሶኬቱ ጋር ሲታገል ያን ሁሉ ሰዓት ቆሞለታል።

ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ደርሷል ካልኩት ሊሄድ ነው። ምላሱ ገና አላመነም፤ እኔ ቃል ስሰጠው ሊያምን ነው። ይህን ቃል ሊሰማ ነው ሳምንቱን ሁሉ ድስት ላይ የቆመው። ለሰውም፣ ለልጆቼም ቢሆን፣ ስለ ሌላ ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ። ስለ ሽንኩርት ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

«ገና ነው» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «ምን ጎደለው?»

«ትንሽ። እሳቱን ቶሎ አውርደኸዋል መሰለኝ።»

ሰሐኑን አየው፣ እኔን አየኝ። የገባው መሰለኝ፤ ወይም እንዲገባው ፈልጌ ይሆናል።

«ሕራይ» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። «እንግዲህ ቅዳሜ።» ሰሐኑን ይወስዳል ብዬ ስጠብቅ አግዳሚዋ ላይ አስቀምጦልኝ ቀስ እያለ ሄደ።

በሩን ዘጋሁ። የቀረችኝን ግማሽ እንጀራ አወጣሁና ሰሐኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁሉንም በላሁት። ምንም አልጎደለውም።